አራቷ አኃዝ፦ የሞባይል ገንዘብ ንድፍን በስትራይድ መፈተሽ

አንዲት እናት ቡሬ ገበያ በቆሎ ሸጡ። ነጋዴው 4,000 ብሩን በስልካቸው ላከላቸው። እሳቸው ግን ዘይትና ጨው የሚገዙት በጥሬ ብር ነው። ስለዚህ ወደ ወኪሉ ሱቅ ጎራ አሉ።

በመጀመሪያው ንድፋችን ቀጥሎ የሚሆነው ይህ ነበር። ወኪሉ የእናትየዋን ስልክ ቁጥርና የብሩን መጠን በአፑ ያስገባል። ሲስተሙ ለእናትየዋ ባለ አራት አኃዝ ኮድ በኤስኤምኤስ ይልካል። እሳቸው ኮዱን ያነቡለታል፤ ወኪሉ ያስገባል። ብሩ ከሳቸው ሒሳብ ወደ ወኪሉ ሒሳብ ይዞራል፤ ወኪሉም ጥሬውን ቆጥሮ ይሰጣል።

ቀላል ነው፤ ሁላችንም ወደነው ነበር። አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ ባሕር ዳር ተቀምጠን በስትራይድ፣ ማለትም የንድፍን ሥጋት በስድስት ጥያቄ በሚፈትሽ ዘዴ፣ ስንፈትሸው ግን ንድፉ ከግማሽ በላይ ተቀየረ። እንዴት እንደፈተሽነው በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ሌላ የሞባይል ገንዘብ ሥራ ላይ ከሆናችሁም መንገዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ጉዞ ብቻ ምረጡ፤ ወኪል ጥሩ

ሙሉውን አፕ በአንድ ቀን ለመፈተሽ አትሞክሩ። መመዝገብ፣ መላክ፣ ማውጣት፣ ብድር፣ ሁሉ አንድ ላይ ከቀረበ ስብሰባው ወሬ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጉዞ ያዙ፤ ሁለት ሰዓት ስጡት። እኛ የያዝነው ከወኪል ገንዘብ ማውጣትን ነው። ምክንያቱም ጥሬ ብር አንዴ ከሱቁ ከወጣ በሲስተም አይመለስም።

አምስት ሰዎች ነበርን። የሰርቨሩን ሥራ የሚሠራው ልጅ፣ አፑን የምትሠራው፣ የምርቱ ኃላፊ፣ እኔ፣ አምስተኛው ደግሞ ማለዳ ተነስቶ ከቡሬ የመጣ ወኪል። የትራንስፖርቱ ወጪ መጀመሪያ አጨቃጭቆን ነበር። ከስብሰባው በኋላ ያነሳው የለም።

ደረጃ 2፦ ሥዕሉን ሣሉ

ነጭ ሰሌዳና ማርከር ይበቃል። ሰዎችን በአራት ማዕዘን፣ ሥራ የሚሠራውን ሲስተም በክብ፣ መረጃ የሚቀመጥበትን በሁለት አግድም መስመር፣ የሚተላለፈውን በቀስት ሣሉ። የኛ ሥዕል እናትየዋ፣ ወኪሉ፣ የወኪሉ አፕ፣ የኛ ሰርቨር፣ የሒሳብ መዝገቡ፣ የቴሌኮሙ የኤስኤምኤስ መግቢያ ነበሩት። ስድስት ነገር ብቻ። ከአሥር ካለፈ ጉዞውን አስፍታችሁታል ማለት ነው፤ ከፍሉት።

እያንዳንዱን ቀስት ቁጥር ስጡት፤ በላዩም ምን እንደሚጓዝበት ጻፉ። «መረጃ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «ስልክ ቁጥር + የብር መጠን» ብላችሁ ጻፉ። በኛ ሰሌዳ ላይ ቀስት 4 «ኮዱ፣ በአፍ» ይላል፤ ከእናትየዋ ወደ ወኪሉ። በመጀመሪያው ሰነድ ይህ ቀስት ጭራሽ አልነበረም። ሶፍትዌር ስላልሆነ ማንም አልሣለውም። ትልቁ ቀዳዳ የተገኘው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ የመተማመን መስመሩን አስምሩ

መረጃ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ቀይ የተቆራረጠ መስመር ይሰመራል። በኛና በቴሌኮሙ መካከል አንድ አለ። በወኪሉ ስልክና በኛ ሰርቨር መካከል ሌላ። እነዚህን ማንም አይረሳም። የሚረሳው በሱቁ ባንኮኒ ላይ የሚያልፈው መስመር ነው፤ ወዲህ ወኪሉ፣ ወዲያ ደንበኛዋ።

ይህን ቀይ መስመር ስናሰምር ወኪሉ ሳቅ አሉ። የሰርቨሩ ልጅ «ምነው ጋሼ፣ ተሳሳትን እንዴ?» አላቸው።

«ልጄ፣ መስመርህ ጥሩ ነው» አሉት። «ግን እናቶች ስልካቸውን ራሱን በባንኮኒው ላይ ያሻግሩልኛል እኮ። ‘አንተ አንብበው’ ይሉኛል። የምስጢር ቁጥሩንም ይነግሩኛል። እኔ ባልፈልግ እንኳ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፍነው፤ እስከ መጨረሻው ሳይጠፋ ቆየ።

ደረጃ 4፦ ቀዩን መስመር በሚያቋርጡ ቀስቶችና በጫፎቻቸው ላይ ስድስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ

ስትራይድን በ1999 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ውስጥ ያወጡት ሎረን ኮንፌልደርና ፕራሪት ጋርግ ናቸው። ስሙ የስድስት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። እኛ በአማርኛ እንዲህ እንላቸዋለን፦ ማስመሰል፣ መነካካት፣ መካድ፣ ምስጢር መውጣት፣ አገልግሎት መንሳት፣ ከተሰጠ ሥልጣን ማለፍ።

ሁሉንም በሁሉም ላይ አትጠይቁ፤ ሰው ይሰለቻል። ሰው ላይ የሚጠየቁት ማስመሰልና መካድ ናቸው። ቀስት ላይ መነካካት፣ ምስጢር መውጣትና መንሳት። መዝገብ ላይም እነዚሁ ሦስቱ፤ መዝገቡ ማን ምን እንዳደረገ የሚይዝ ከሆነ መካድ ይጨመራል። ስድስቱም የሚጠየቁት ሥራ የሚሠራው ክብ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀስት 4ና በዙሪያው ወዳሉት ሰዎችና ሲስተም እንመለስ።

*ማስመሰል።* ኮዱ የሚያረጋግጠው ምንድን ነው? ኮዱን የያዘ ሰው መኖሩን ብቻ ነው። እናትየዋ ሱቁ ውስጥ መቆማቸውን አያረጋግጥም። አንድ ክፉ ወኪል ቤታቸው ለተቀመጡ ሰው ወጪ ይጠይቅና ይደውላል፤ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። ከነገሩት አለቀ።

ሳይነግሩትስ? አራት አኃዝ 10,000 አማራጭ ነው። ንድፉ ኮድ በተሳሳተ ቁጥር እስከ ሦስት ሙከራ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ኮዱ ይሰረዛል። ጥሩ ይመስላል። ግን አዲስ ኮድ መጠየቅ ገደብ አልነበረውም። 100 ጊዜ ኮድ ያስላከ ሰው 300 ሙከራ አለው። ያ 3 በመቶ ገደማ ዕድል ነው። በአንድ ደንበኛ ላይ ትንሽ ነው፤ በመቶ ደንበኞች ላይ ግን ሦስት ሰው ተዘረፈ ማለት ነው። ስሕተቱ ቆጠራው ከኮዱ ጋር መታሰሩ ነው። ቆጠራ ከደንበኛው ሒሳብ ጋር ይታሰራል፤ አዲስ ኮድ ሲመጣም ወደ ዜሮ አይመለስም። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ሌላ ፕሮጀክት ይህንኑ ስሕተት እኔ ራሴ አሳልፌዋለሁ። የተገኘው አገልግሎቱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

ማስመሰል ደግሞ በሁለት በኩል ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ደንበኛን ስለሚመስል ሌባ ነው፤ ሲስተሙን ራሱን የሚመስልም አለ። ወኪላችን ነገሩን፦ አንድ ጎረምሳ መጥቶ «ላክሁልህ» ይላል። ወዲያው ወኪሉ ስልክ ላይ «5,000 ብር ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ከተራ ቁጥር ይገባል። ገበያው ተጨናንቋል፣ ሰው ተሰልፏል። የላኪውን ቁጥር ማን ያያል? ስለዚህ ወኪል ጥሬ ብር የሚሰጠው ኤስኤምኤስ አይቶ እንዳይሆን ወሰንን። አፑ ውስጥ ያለው የግብይት ዝርዝር አረንጓዴ ካላሳየ ብር አይቆጠርም። ለወኪል የሚላከውን የኤስኤምኤስ ማረጋገጫም ጭራሽ አጠፋነው። እውነተኛው ከሌለ ሐሰተኛው የሚመስለው ነገር ያጣል።

*መነካካት።* እናትየዋ 4,000 አሉ። ወኪሉ 14,000 ቢያስገባስ? ኤስኤምኤሱ የሚለው «የማረጋገጫ ኮድዎ 7316 ነው» ብቻ ነው። መጠኑ የለበትም። እሳቸው ያጸደቁት ቁጥር እንጂ ብር አይደለም። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ ለማየትም የፈጀብን ሦስት ደቂቃ ነው።

መፍትሔው ፈቃዱን ወደ እናትየዋ ስልክ መመለስ ሆነ። ወኪሉ ጥያቄውን ካስገባ በኋላ በእናትየዋ ስልክ ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክም የሚሠራ፣ የዩኤስኤስዲ ገጽ ይከፈታል። የምስጢር ቁጥራቸውን በራሳቸው ስልክ ይነካሉ፤ ለወኪሉ የሚነገር ኮድ የለም። ቀስት 4 ከሰሌዳው ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ የኛ አገር ጣጣ አለ። የዩኤስኤስዲ ገጽ በእንግሊዝኛ ፊደል 182 ምልክት ይይዛል። በፊደላችን ግን 80 ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይወስዳልና። አንዳንድ ርካሽ ስልክ ደግሞ የአማርኛ ፊደል ጭራሽ አያሳይም፤ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ስለዚህ ዋናው ነገር፣ የብሩ መጠን፣ በአኃዝ መጀመሪያ ይምጣ፦

```
4000 ብር ወጪ
ወኪል 20417 ቡሬ ገበያ
ፒን ያስገቡ። ለመተው 0
```

ማንበብ የማይችሉ እናት እንኳ 4000ን ከ14000 ይለያሉ። ብር ሲቆጥሩ የኖሩ ናቸው።

*ምስጢር መውጣት።* ይህኛው ማንም ያልጠበቀው ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ወኪሉ ከቀሪ ሒሳብ በላይ ከጠየቀ አፑ «በቂ ቀሪ ሒሳብ የለም» ይለዋል። መልካም አስተናጋጅነት ይመስላል። ግን አስቡት፤ ወኪሉ የጎረቤቱን ቁጥር ያስገባና 25,000 ይላል፤ የለም ተባለ። 12,500 ይላል፤ አለ። በመካከል 18,750 ይላል። እንዲህ በግማሽ በግማሽ እየከፈለ ከሄደ እስከ 50,000 ብር ያለን ሒሳብ በ16 ሙከራ እስከ አንድ ብር ድረስ ያውቀዋል። ከሙከራዎቹ የተወሰኑት ለጎረቤቱ ኮድ ይልካሉ፤ ጎረቤቱ ግን «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ የማን ስልክ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቀሪ ሒሳብ የሚታየው ደንበኛው የምስጢር ቁጥሩን ካስገባ በኋላ እንዲሆን አደረግን። ብሩ ካነሰ ምክንያቱ የሚነገረው ለደንበኛው ስልክ ብቻ ነው። ወኪሉ የሚያየው «አልተሳካም» የሚለውን ነው።

አዲሱ መንገድ የራሱን ምስጢር ጉዳይ ይዞ መጣ። ዩኤስኤስዲ የሚመሰጠረው ቢበዛ ከስልኩ እስከ ቴሌኮሙ ኔትወርክ ባለው መንገድ ነው። ቴሌኮሙ መግቢያ ላይ ሲደርስ የምስጢር ቁጥሩ በግልጽ ይነበባል። ይህን እኛ ልናጠፋው አንችልም። ማድረግ የምንችለው ከመግቢያው እስከ ሰርቨራችን ያለውን መስመር መመስጠር፣ የምስጢር ቁጥሩም ሲስተሙ የሠራውን በሚመዘግብበት ሎግ እንዳይቀመጥ በውል ማስገባትና መፈተሽ ነው። የራሳችሁን ሎግ ከሁሉ በፊት ፈትሹ። በሙከራ ሰርቨር ላይ ፒኑን 5839 አድርጋችሁ ግብይት ሥሩ፤ ከዚያ 5839ን በሎጉ ውስጥ ፈልጉ። ከተገኘ ሥራ አለባችሁ።

*መካድ።* «ብሩን አልሰጠኝም» እና «ሰጥቻታለሁ» ሲጋጩ ሲስተሙ የሚያውቀው የሒሳቡን መዞር ብቻ ነው። ጥሬ ብር ከእጅ ወደ እጅ ማለፉን የሚያይ ሎግ የለም። ይህን በቅንነት ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል። እኛ የምንችለው ማን ጠየቀ፣ በየትኛው ስልክ፣ ፒኑ መቼ ገባ የሚለውን የማይሰረዝ መዝገብ ማድረግ ነው።

ሰዓቱን ደግሞ ተጠንቀቁ። እናትየዋ ለጥሪ ማዕከሉ «ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ» ይላሉ። ሠራተኛው ሎጉን በ4:00 ይፈልጋል፤ ምንም የለም። የሰርቨሩ ሎግ በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ስለተጻፈ ግብይቱ ያለው 07:00 ላይ ነው። በሌሎች አገሮች አቆጣጠር ደግሞ የኛ ሰዓት 10:00 ነው። ለአንዲት ቅጽበት ሦስት ቁጥር። የተሳሳተውን ያየ ሠራተኛ «እንዲህ ያለ ግብይት የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ያኔ የካደው ወኪሉ ሳይሆን ሲስተሙ ነው። መዝገቡ በዩቲሲ ይቀመጥ፤ የሠራተኛው ገጽና የደንበኛው ደረሰኝ ግን በኛ ሰዓትና በኛ ቀን ይጻፍ። በእያንዳንዱ ግብይት ላይ አጭር መለያ ቁጥር ይኑር፤ ክርክሩ በቁጥሩ እንጂ በሰዓት አይሁን።

*አገልግሎት መንሳት።* እዚህ ላይ ከውጭ ስለሚመጣ ጥቃት ብዙ አላወራንም። ያወራነው ስለ ኔትወርክ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ያንን ያየ ሰው «ዳታ ሁልጊዜ አለ» ብሎ አይነድፍም። ስለዚህ ለወኪሉም የዩኤስኤስዲ መንገድ ተጨመረለት።

የበለጠው ጣጣ ግን በከፊል መቆራረጡ ነው። ወኪሉ «አስገባ» ይነካል፤ ክቧ ትዞራለች፣ መልስ የለም። ደግሞ ይነካል። ሁለቱም ከደረሱ እናትየዋ ሁለት ጊዜ ይጠየቃሉ፤ ግራ ገብቷቸው ሁለቴ ፒን ካስገቡ 8,000 ብር ወጣ። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መለያ መስጠትና ዳታቤዙ ድግሙን እንዳይቀበል ማድረግ ነው፦

```sql
CREATE UNIQUE INDEX uq_cashout
ON cashout (agent_id, request_id);
```

ሰዎች የሚስቱት `request_id` የሚፈጠርበትን ቅጽበት ነው። አዝራሩ ሲነካ ከተፈጠረ በየንክኪው አዲስ ይሆናል፤ ጥቅም የለውም። ቅጹ ሲከፈት አንድ ጊዜ ይፈጠር። ድግም ሲመጣ ደግሞ ስሕተት አትመልሱ፤ የመጀመሪያውን ውጤት መልሱለት። ያው መለያ በሌላ የብር መጠን ከመጣ ግን ውድቅ ይሁን።

*ከተሰጠ ሥልጣን ማለፍ።* አጭር ነው። የወኪሉ ማንነት አፑን ሲከፍት ሰርቨሩ ከሰጠው መለያ፣ ከቶከኑ፣ ይወሰድ እንጂ አፑ ከሚልከው ጽሑፍ አይወሰድ። ካልሆነ 20417 የነበረው 20418 ብሎ በሌላ ወኪል ስም ይሠራል። ግብይት የሚመልሰው የቢሮ ሠራተኛም ብቻውን አይመልስ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ያጽድቅ።

ደረጃ 5፦ ሥጋቱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«የማስመሰል ሥጋት፣ ከፍተኛ» የሚል መስመር ለማንም አይጠቅምም። ከወር በኋላ እናንተም አትረዱትም። ማን፣ በየትኛው ቀስት፣ ምን አድርጎ፣ ምን ያገኛል፤ እንዲህ ጻፉት፦ «ወኪል በቀስት 1 ላይ ደንበኛዋ ከተናገሩት በላይ መጠን አስገብቶ፣ ኮዱ መጠን ስለማያሳይ፣ ትርፉን ያስቀራል።» ይህን ያነበበች የአፕ ሠሪ ምን እንደምትሠራ ራሷ ታውቃለች። ሞካሪውም ምን እንደሚሞክር ያውቃል፤ 14,000 አስገብቶ የእናትየዋ ስልክ 14,000 ማሳየቱን ያያል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ሰው መድቡ። «ቡድኑ» የሚባል ሰው የለም።

ደረጃ 6፦ ሥዕሉን አድሱና አዲሶቹን ቀስቶች ብቻ ድገሙ

መፍትሔ ሲመጣ አዲስ ቀስት ይዞ ይመጣል። የዩኤስኤስዲው ገጽ ሲጨመር አዲስ ጥያቄ ተነሣ፦ ፒኑም አራት አኃዝ አይደል እንዴ? ነው። ልዩነቱ ፒኑ የሚገባው ከደንበኛዋ ከራሷ መስመር ብቻ ስለሆነ ወኪሉ ከሱ ስልክ ሊገምት አይችልም። በሦስት ስሕተት ሒሳቡ ሲቆለፍም የሚቆልፈው ያው የራሷ መስመር ነው፤ ማንም በክፋት ከሩቅ አይቆልፍባትም።

ይሁን እንጂ መስመሩን የወሰደ ሁሉን ወሰደ። በስሟ ሌላ ሲም ያወጣ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ሲም ከተቀየረ በኋላ ለ48 ሰዓት ወጪ እንዳይሠራ አደረግን። ይህ የሚሠራው ቴሌኮሙ መቀየሩን የሚያሳውቀን ከሆነ ነው፤ ንድፉን ሳይሆን ውሉን ተመልከቱ።

የእናትየዋ ስልክ ባትሪ ከጨረሰ ደግሞ ገጹ አይከፈትም። ስልኩ በርቶም ገጹ ካልመጣ እሳቸው ራሳቸው አጭር ቁጥር ደውለው የወኪሉን መለያ ያስገባሉ። መለያው ሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሰሌዳው ላይ ይህን እንደጻፍን ወኪሉ «በላዩ ሌላ ቢለጠፍበትስ?» አሉ። ስትራይድን ከሰሙ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላቸውም። ለዚህ ነው ከፒኑ በፊት የወኪሉ ቦታ በገጹ ላይ የሚወጣው፤ ቡሬ ቆመው ሌላ ከተማ ካዩ 0 ይነካሉ።

ሰሌዳው ጥግ ላይ የጻፍነው ዓረፍተ ነገር ግን አልተፈታም። ስልካቸውን ከነፒኑ ለወኪል የሚሰጡ እናት ባሉበት የትኛውም ገጽ አያድንም። ፒኑ ገጹ በተከፈተ በሁለት ሰከንድ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገባበትን ወኪል መዝግቦ ማየት ይቻላል፤ በቀን ከአንድ ደንበኛ የሚወጣውንም መገደብ ይቻላል። ሁለቱንም አደረግን። የቀረው ቀሪ ሥጋት ተብሎ ተጻፈ። ከጎኑ የምርቱ ኃላፊ ፈረመችበት፤ ሙከራው በቡሬ ሦስት ወር ሲሞላው ቁጥሮቹ ታይተው እንደገና እንዲነሣም ቀን ተቆረጠለት።